«እስመ ለዓለም ምሕረቱ»፦ አንድ ቃል ከዕብራይስጥ እስከ አማርኛ ሲጓዝ ምን እንደሚጥል የሚያሳይ የክፍል ልምምድ

ይህ መመሪያ አማርኛ፣ ግእዝ ወይም ትርጉም ለሚያስተምሩ ነው። ልምምዱ ወደ 90 ደቂቃ ይፈጃል። ተማሪዎቹ ዕብራይስጥ ማወቅ የለባቸውም። ግእዝም ቢሆን ፊደሉን ማንበብ ከቻሉ ይበቃል። እኔ አራት ኪሎ አካባቢ ለማታ ተማሪዎች እሰጠዋለሁ። ክፍሉ ውስጥ የአብነት ትምህርት የቀመሰ አለ፣ የመድረሳ ተማሪ የነበረ አለ፣ ከሁለቱም ያልሆነም አለ። ለሁሉም ሠርቷል።

እንዲህ ያለው ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ገና ሲጀመር ነው። መምህሩ አሥር አሥራ አምስት ቃል ሰሌዳ ላይ ይደረድራል። ከጎናቸው «ትክክለኛ ፍቺ» ይጽፋል። ተማሪው ይገለብጥና ይሄዳል። ትርጉም የቱ ጋ እንደሳሳ፣ ለምን እንደሳሳ ግን በዓይኑ አላየም። ስለዚህ አንድ ቃል ብቻ ያዙ። እኔ የምይዘው ዕብራይስጡ «ሔሴድ» የሚለውን ነው። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አንዴ «ምሕረት»፣ አንዴ «ቸርነት» ሆኖ ይመጣል። በዕብራይስጡ መጽሐፍ ውስጥ ወደ 250 ጊዜ ገደማ ይገኛል፤ ግማሽ ያህሉ በመዝሙረ ዳዊት ነው። ተማሪው በአማርኛ ሲሰማው የኖረ ነገር ስለሆነ ለልምምድ እንደሱ የሚመች አላገኘሁም።

ከክፍሉ በፊት የሚዘጋጅ

ሦስት መጽሐፍ ያስፈልጋል። አንዱ ግእዙ ያለበት መዝሙረ ዳዊት ነው። ፒያሳና አራት ኪሎ ባሉት የመንፈሳዊ መጻሕፍት መሸጫዎች ግእዝና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመውን ታገኛላችሁ። ሁለተኛው የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሦስተኛው ከዚያ በኋላ የወጣ ማንኛውም የአማርኛ ትርጉም። ለእያንዳንዱ ተማሪ መጽሐፍ መግዛት አያስፈልግም። የሚያስፈልጉትን ገጾች ፎቶ ኮፒ አድርጉና አራት አራት ለሆነ ቡድን አንድ አንድ ስጡ።

መዝገበ ቃላትም ይኑር። ለግእዙ በ1948 ዓ.ም. የታተመው የኪዳነ ወልድ ክፍሌ፣ ለአማርኛው በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ ጥሩ ናቸው። የራሳችሁ ከሌላችሁ ወመዘክር ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ግን መዝገበ ቃላቱን በመጀመሪያው ሰዓት አታውጡት። ተማሪ መዝገበ ቃላት ካየ ማሰብ ያቆማል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ አስቀድማችሁ ካላስተካከላችሁት ሃያ ደቂቃ ይበላችኋል። የመዝሙሩ ቁጥር አይገጥምም። ግእዙ የሚከተለው የግሪኩን፣ የሰብዓ ሊቃናትን አቆጣጠር ነው። ግሪኩ በዕብራይስጥ 9ኛና 10ኛ የሆኑትን መዝሙሮች አንድ ስላደረጋቸው ከዚያ በኋላ ያሉት አብዛኞቹ በአንድ ይቀንሳሉ። ሁላችንም «መዝሙር 50» የምንለው በዕብራይስጡ 51 ነው። «መዝሙር 135» ደግሞ 136 ነው። በዚያ ላይ ዕብራይስጡ የመዝሙሩን ርእስ እንደ ቁጥር ስለሚቆጥር «ማረኝ» የሚለው በእሱ ቁጥር 3 ላይ ይውላል። መጽሐፈ ሳሙኤልም በግእዙ «ነገሥት ቀዳማዊ» እና «ካልዕ» ተብሎ ነው የሚጠራው። ፎቶ ኮፒው ላይ ሁለቱንም ቁጥር በእጃችሁ ጻፉበት።

አንደኛ፦ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ

መዝሙር 135ን (136ን) በአማርኛ አውጡ። 26 ቁጥር አለው። በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» የሚል ተቀባይ አለ። ግእዙ «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» ይላል። አንድ ተማሪ የመጀመሪያውን ግማሽ ያንብብ፣ ክፍሉ በሙሉ ይቀበል። አትቸኩሉ። መዝሙሩ የተሠራው ለዚህ ነውና ሲነበብ ያምራል።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ስጡ፦ በዚህ ቁጥር ላይ ማን በደለ? ማን ይቅር ተባለ? እያንዳንዱ ቡድን ስድስት ሰባት ቁጥር ይውሰድና መልሱን በአጭሩ ይጻፍ።

ይህ ጥያቄ የሚሠራው «ምሕረት» ለዛሬ ጆሮ በደልን ስለሚያስከትል ነው። የምሕረት አዋጅ ሲባል የተፈረደበት ወይም የተከሰሰ ሰው አለ ማለት ነው። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 28 ላይ በሰው ዘር ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በምሕረት ወይም በይቅርታ እንደማይታለፉ ሲደነግግ ቃሉን የሚጠቀምበት በዚሁ መንገድ ነው። «ማረኝ» ያለ ሰው ጥፋቱን አምኗል። ተማሪዎቻችሁ ይህን ማንም ሳይነግራቸው ይዘው ነው የሚመጡት።

አሁን መልሶቹን ሰብስቡ። ቁጥር 8 ላይ ፀሐይ ቀንን እንዲገዛ ተሠራ። በዳይ የለም። ቁጥር 10 ላይ የግብፅ በኵር ተመታ። ምሕረት የተደረገለት ማን ነው? ቁጥር 15 ላይ ፈርዖንና ሠራዊቱ ባሕር ውስጥ ተጣሉ። ቁጥር 18 ላይ ብርቱዎች ነገሥታት ተገደሉ። ቀጥሎ ስማቸው ይጠራል፤ የአሞራውያን ንጉሥ ሴዎንና የባሳን ንጉሥ ዐግ። እዚህ ላይ ክፍሉ ዝም ይላል። ሁሌ የሚያነቡትን ነገር አሁን ነው የሰሙት። ቁጥር 23 ላይ «በመዋረዳችን አሰበን» ሲል ርኅራኄ መሆኑ ይታያል። ቁጥር 25 ላይ ለሥጋ ለባሽ ሁሉ ምግብ ይሰጣል፤ ይህ ደግሞ ቸርነት ነው እንጂ ይቅርታ አይደለም።

ማብራሪያ አትስጡ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ አድርጉ፦ «ምሕረት በደንብ የሚገባበት»፣ «በግድ የሚገባበት»፣ «የማይገባበት»። ቁጥሮቹን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይክፈሏቸው። ሦስተኛው ዓምድ መሙላቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ተማሪ ቅር ሊለው ይችላል። ጸሎቱ ተነካ ብሎ ያስባል። የምትመረምሩት አማርኛውን ቃል እንጂ መዝሙሩን እንዳልሆነ በግልጽ ንገሩት። ነገሥታቱ መገደላቸው በሁሉም ቋንቋ አለ። ጥያቄው «ሔሴድ» የሚለውን የሰማ ዕብራዊ ለምን ሳይደናገጥ እንዳለፈ ነው።

ሁለተኛ፦ ቃሉ በሰውና በሰው መካከል ሲሆን

መዝሙሩ ስለ እግዚአብሔር ስለሚናገር ተማሪው ቶሎ ወደ ስብከት ይገባል። ስለዚህ ሔሴድን ሰው ለሰው ሲያደርገው አሳዩ። ሁለት ቦታ ይበቃል።

አንዱ ዘፍጥረት 47፥29 ነው። ያዕቆብ ሊሞት ነው። ልጁን ዮሴፍን ጠርቶ እጁን ከጭኑ በታች እንዲያደርግ ይጠይቀዋል። «በግብፅ አትቅበረኝ» ይለዋል። ያዕቆብ የሚለምነው ነገር በዕብራይስጡ «ሔሴድና እውነት» ነው። አባት ከልጁ ይቅርታ እየጠየቀ አይደለም። የሚጠይቀው አደራ ነው። ያዕቆብ ከሞተ በኋላ የሚያስገድደው የለም፤ ዮሴፍ አደራውን ቢበላ ማንም አይከሰውም። ግን ልጅ ነው፣ ቃልም ሰጥቷል።

ሁለተኛው 2ኛ ሳሙኤል 9 ነው። ዳዊት ነግሦአል። «ስለ ዮናታን ስል ሔሴድ የማደርግለት ከሳኦል ቤት የቀረ ሰው አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን ያመጡለታል። ሁለት እግሩ ሽባ ነው። ዳዊት የአያቱን የሳኦልን መሬት ይመልስለታል፣ ከንጉሡ ማዕድ እንዲበላም ያደርጋል። ይህን ያለ 1ኛ ሳሙኤል 20 አታንብቡት። እዚያ ዳዊትና ዮናታን ተማምለዋል፤ ዮናታንም ይህንኑ ሔሴድ ለቤቱ እንዲያደርግለት ዳዊትን አስምሎታል። ዮናታን ሞተ። መሐላው አልሞተም።

ቡድኖቹ በያዙት የአማርኛ ትርጉም ሁለቱ ቦታዎች ላይ የተጻፈውን ቃል ያስምሩበት። ቅጂው ሲለያይ ቃሉም ሊለያይ ይችላልና የየራሳቸውን ይጻፉ። ከዚያ የምትክ ሙከራ ያድርጉ። እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ እየቀያየሩ ዓረፍተ ነገሩን ያንብቡት፦ ምሕረት፣ ይቅርታ፣ ቸርነት፣ ውለታ፣ ታማኝነት፣ ፍቅር።

እያንዳንዱ የቱ ጋ እንደሚሰበር ያስተውሉ። «ይቅርታ» በሁለቱም ቦታ ወዲያው ይወድቃል። «ቸርነት» ለዳዊት ይሆናል፤ ንጉሥ ለድሀ ሰጠ። ግን መሐላው ይጠፋል፤ ዳዊት ደግ ስለሆነ ብቻ ያደረገው ይመስላል። «ውለታ» መሐላውን ይይዛል፤ ነገር ግን ቂም ባይሆንም ሒሳብ አለበት፣ የተቀበልኩትን መለስኩ የሚል። «ታማኝነት» ቃል መጠበቁን ይይዛል፣ ልብ ግን የለውም። ንብረት ያልነካ ገንዘብ ያዥም ታማኝ ነው። «ፍቅር» ሰፊ ነው፤ ስሜት እንጂ ሥራ መሆኑ አይታይበትም። ሔሴድ ግን የሚደረግ ነገር ነው።

ብዙ ጊዜ አንዱ ተማሪ «ቃል የእምነት ዕዳ ነው» የሚለውን ያነሣል። ካልተነሣ እናንተ አንሡት። አማርኛ ለዚህ ስሜት እንግዳ እንዳልሆነ ያሳያል። በአንድ ስም የሚጠራበት ነው ያጣው። ሰሌዳው ላይ አሁን እንዲህ ያለ ገለጻ ከተማሪዎቹ አፍ ማውጣት ትችላላችሁ፦ «ቃል ወይም ዝምድና ላለው ሰው፣ በሚቸገርበት ሰዓት፣ ማንም ሳያስገድድ የሚደረግ ደግ ሥራ።» ቃል በቃል ይህ ካልመጣ አያስጨንቃችሁ። ሦስቱ ነገሮች፣ ትስስሩ፣ ችግሩና ፈቃደኝነቱ፣ ከመጡ በቂ ነው።

ለመምህሩ ብቻ አንድ ማስታወሻ። ሊቃውንቱ ራሳቸው በዚህ ቃል አልተስማሙም። ኔልሰን ግሉክ በ1927 እ.ኤ.አ. ሔሴድ በቃል ኪዳን ውስጥ ያለ ግዴታ ነው ብሎ ተከራከረ። ካትሪን ሳከንፌልድ በ1978 እ.ኤ.አ. ነፃነቱን አጎላችው፤ አቅም ያለው ለተቸገረው በፈቃዱ የሚያደርገው ነው አለች። ተማሪዎቻችሁ በ«ውለታ» እና በ«ቸርነት» መካከል ሲከራከሩ ይህንኑ ክርክር እያደረጉ ነው። አሸናፊ ለመለየት አትሞክሩ።

ሦስተኛ፦ የጠፋው የት ላይ እንደሆነ መፈለግ

የልምምዱ ልብ ይህ ነው። ተማሪው እስካሁን የሚያስበው «አማርኛው አጠፋው» ብሎ ነው። እውነቱ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ግእዝ የተተረጎመው በ4ኛውና በ6ኛው መቶ ዘመን መካከል ነው፤ የብሉዩም ምንጭ ዕብራይስጡ ሳይሆን ግሪኩ ነበር። ስለዚህ መንገዱ አራት ጣቢያ አለው፦ ዕብራይስጥ፣ ግሪክ፣ ግእዝ፣ አማርኛ።

የመዝሙር 50ን የመጀመሪያ ቁጥር አውጡ። ግእዙን ብዙ ሰው በቃሉ ያውቀዋል፦ «ተሣሀለኒ እግዚኦ በከመ ዕበየ ሣህልከ፤ ወበከመ ብዝኀ ምሕረትከ ደምስስ ኃጢአትየ።» የ1954ቱ አማርኛ፦ «አቤቱ፥ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ፤ እንደ ምሕረትህም ብዛት መተላለፌን ደምስስ።» በዚህች አጭር ቁጥር ውስጥ ሦስት ቁልፍ ቃላት አሉ። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ጻፏቸው፦

| ቋንቋ | ልመናው | አንደኛው ስም | ሁለተኛው ስም |
|---|---|---|---|
| ዕብራይስጥ | ሖኔኒ | ሔሴድ | ራሐሚም |
| ግሪክ | ኤሌኤሶን | ኤሌዮስ | ኦይክቲርሞስ |
| ግእዝ | ተሣሀለኒ | ሣህል | ምሕረት |
| አማርኛ | ማረኝ | ቸርነት | ምሕረት |

አሁን ባለ ቀለም ጠመኔ ስጧቸው። በእያንዳንዱ ረድፍ ከአንድ ሥር የወጡትን ቃላት በአንድ ቀለም ያክብቡ። ሌላ ምንም አትንገሯቸው።

በዕብራይስጡ ረድፍ ሦስቱም ለየብቻቸው ናቸው። ሖኔኒ ሞገስ ማግኘትን፣ ሔሴድ ያየነውን ትስስር ይናገራል። ራሐሚም «ሬሔም»፣ ማሕፀን፣ ከሚለው ቃል ጋር ተመሳሳይ ሥር አለው፤ አንጀት መራራት ብንለው ያስኬዳል። ለማኙ በሦስት የተለያየ በር ነው የሚያንኳኳው።

በግሪኩ ረድፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ሆኑ። ኤሌኤሶን እና ኤሌዮስ ከአንድ ሥር ናቸው። ኤሌዮስ ለተጎዳ ማዘን ነው። ቃል ኪዳኑን አይዝም። ስለዚህ ትልቁ ኪሳራ የደረሰው እዚህ ነው፣ ገና ኢትዮጵያ ሳይደርስ።

በግእዙ ረድፍም እነዚያው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ተሣሀለኒ እና ሣህል። ይህ የግሪኩ አሻራ ነው። ግእዝ ተርጓሚው ያየውን ድግግሞሽ በታማኝነት አስቀምጦታል። ግእዙ ከዕብራይስጥ ሳይሆን ከግሪክ መምጣቱን ተማሪ በዓይኑ የሚያይበት እንደዚህ ቀላል ማስረጃ እኔ አላውቅም።

በአማርኛው ረድፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንድ የሆኑት የመጀመሪያውና ሦስተኛው ናቸው፤ «ማረኝ» እና «ምሕረት» ሁለቱም ከመሐረ ናቸው። ሔሴድ «ቸርነት» ተብሎ ብቻውን ቆሟል። ማለትም አማርኛው ግእዙ ያጣበቀውን ላቀቀ፣ ሌላ ደግሞ አጣበቀ። ኪሳራ በየጣቢያው እየጨመረ ብቻ አይሄድም። የጠፋው በከፊል ይመለሳል፣ አዲስ ነገርም ይታከላል። ይህን ተማሪው ራሱ በቀለም ካየው አይረሳውም።

ጊዜ ከተረፋችሁ ይህን ጨምሩ። በመዝሙር 50 ላይ ግእዙ ለሔሴድ «ሣህል» ሰጠ። በ135 ላይ ደግሞ ለዚያው ለሔሴድ «ምሕረት» ሰጠ። በ102ኛውም «ርሑቀ መዓት ወብዙኀ ምሕረት» ሲል «ምሕረት» የቆመው ለሔሴድ ነው። በ50ኛው ግን «ምሕረት» የራሐሚም ምትክ ነው። ስለዚህ «በግእዝ ምሕረት ካለ በዕብራይስጥ ሔሴድ ነው» ብሎ ደምድሞ መሄድ አይቻልም። በየቦታው ማየት ግድ ነው።

«ለምን አማርኛው በ50 ላይ ቸርነት ብሎ በ135 ላይ ምሕረት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ጎበዝ ተማሪ አይጠፋም። የእኔ ግምት ይህ ነው። የ135ኛው መጀመሪያ «ቸር ነውና» ይላል፤ ግእዙ «እስመ ኄር»። ከ«ቸር ነውና» ቀጥሎ «ቸርነቱ ለዘላለም ነውና» ቢባል ዕብራይስጡ ላይ የሌለ ድግግሞሽ ይፈጠራል። በዚያ ላይ «እስመ ለዓለም ምሕረቱ» በሕዝቡ አፍ ስንት ዘመን የኖረ ነው። ተርጓሚ የለመደ ጆሮን መስበር ይከብደዋል። ግምት መሆኑን ንገሯቸው፤ የተሻለ ካላቸው ያምጡ።

መንገድ ላይ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

አንደኛው በድምፅ መመሳሰል መታለል ነው። አረብኛ የሚያውቅ ተማሪ ሔሴድን ሲሰማ «ሐሰድ» ይላል። የአረብኛው ሐሰድ ምቀኝነት ነው። ፊደሉ ቢገጥምም ፍቺውን ከዚያ ማውጣት አይቻልም። የቃል ፍቺ የሚገኘው ከአገባቡ ነው፤ ለዚህ ነው ከያዕቆብና ከዳዊት የጀመራችሁት።

ሁለተኛው ሁሉንም በአንድ ቦታ መጫን ነው። ተማሪው ሔሴድ ትስስርን፣ ችግርንና ፈቃደኝነትን እንደሚይዝ ካወቀ በኋላ በየቁጥሩ ሦስቱንም ማየት ይጀምራል። የፀሐዩ ቁጥር ላይ መሐላ መፈለግ ይመጣል። «በዚህ ቁጥር ላይ የሚሰማው የትኛው ነው?» ብላችሁ መልሱት።

ሦስተኛው ተርጓሚውን መውቀስ ነው። «ተሳስተዋል» የሚል መልስ ከሰማችሁ ተማሪው የተሻለ አንድ ቃል እንዲያቀርብና በ26ቱም ቁጥር ላይ እንዲሞክረው አድርጉ። አንድ ቃል ሁሉም ጋ አይገባለትም።

አራተኛው የዛሬን አማርኛ በድሮው ላይ መጫን ነው። በሉቃስ 10 ደጉ ሳምራዊ «ምሕረት ያደረገለት» ተብሏል። የቆሰለው ሰው ምንም አልበደለውም። ስለዚህ በ1954ቱ አማርኛ ውስጥ እንኳ «ምሕረት ማድረግ» ደግ መሥራት የሚለውን ስፋት አላጣም። እየጠበበ የመጣው በዕለት ንግግራችንና በሕግ ቋንቋችን ነው። «ሣህል» ደግሞ ከዚያ በላይ ሸሽቷል፤ ዛሬ በአብዛኛው የቀረው እንደ ሣህለ ማርያምና ሣህለ ሥላሴ ባሉ ስሞች ውስጥ ነው።

ክፍላችሁ ውስጥ ሙስሊም ተማሪዎች ካሉ

ያው ልምምድ በአረብኛ ይሠራል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ስለሆነ ጎን ለጎን ማድረጉ ጥሩ ነው። በቢስሚላህ ውስጥ «አር-ረሕማን» እና «አር-ረሒም» አሉ። ሁለቱም ከረ-ሐ-መ የወጡ ናቸው። የአማርኛው የቁርኣን ትርጉም «እጅግ በጣም ሩኅሩህ፣ በጣም አዛኝ» ይላል። በቀለም ሲከበብ አረብኛው አንድ ቀለም፣ አማርኛው ሁለት ቀለም ይሆናል። እዚህ የጠፋው የቃላቱ ዝምድና ነው። አረብኛ ሰሚ አንድ ሥር ሁለት ጊዜ ሲደጋገም ይሰማል፤ የአማርኛ አንባቢ ሁለት የተለያዩ ጠባዮች ያነባል። «እጅግ በጣም» እና «በጣም» የገቡት ደግሞ አረብኛው በቃሉ ቅርጽ የያዘውን ማጉላት ለማካካስ ነው። የረሕማንን ሥር ከላይ ካለው ራሐሚም ጋር ሰሌዳው ላይ አገናኙት። ተማሪዎቹ ራሳቸው «ይሄ እኮ ያው ነው!» ይላሉ።

አራተኛ፦ የኪሳራ መዝገብ

በመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች እያንዳንዱ ቡድን አንድ ገጽ ይጽፋል። ከመዝሙር 135 አንድ ቁጥር ይምረጥና አምስት ነገር ይመልስ፦ በዕብራይስጡ በዚህ ቦታ የሚሰማው ምንድን ነው? አማርኛው ምን ጣለ? አማርኛው ያልነበረ ምን ጨመረ? ጉዳቱ የደረሰው በየትኛው ጣቢያ ነው? ምን ጥገና ታቀርባላችሁ?

ጥሩ መልስ ይህን ይመስላል። ቁጥር 20ን፣ የባሳንን ንጉሥ ዐግን፣ የመረጠ ቡድን እንበል። «በዕብራይስጡ የሚሰማው ለእስራኤል የተሰጠ ቃል መጠበቁ ነው። ምድሪቱን እሰጣችኋለሁ ተብሎ ነበር፤ ንጉሡ መንገድ ዘጋ። አማርኛው የጣለው ይህን ትስስር ነው። የጨመረው ደግሞ የበደልን ሐሳብ ነው፤ አንባቢው ማን ይቅር እንደተባለ ይፈልጋል፣ አያገኝም። ጉዳቱ የጀመረው ግሪኩ ኤሌዮስ ሲል ነው፤ የተባባሰው ምሕረት በዛሬ አማርኛ ሲጠብ ነው። ግእዙ ላይ ያን ያህል አልነበረም።» ደካማ መልስ «የቃሉ ጥልቅ ትርጉም ጠፍቷል» ብሎ ያበቃል። እንዲህ ያለውን መልሱላቸውና «የትኛው ትርጉም? የት ላይ?» ብላችሁ ጻፉበት።

ጥገናው ላይ ሦስት መንገድ ይኖራቸዋል። አንዱ ቃሉን መለወጥ ነው። ሁለተኛው ቃሉን ትቶ የግርጌ ማስታወሻ መጨመር ነው። ሦስተኛው አንዱን ቃል በሁለት ማስፋት ነው። እኔ በጣም የምወደው ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ጥገናው ከቤታችን ይገኛል። «ኪዳነ ምሕረት» የሚለውን ስም በየወሩ በ16 እንሰማዋለን። ኪዳኑና ምሕረቱ ተጣምረው ነው የተጠሩት። ዘዳግም 7፥9ም እግዚአብሔር ቃል ኪዳኑንና ምሕረቱን ይጠብቃል ሲል ሔሴድን ያጣመረው ከኪዳን ጋር ነው። «የኪዳኑ ምሕረት ለዘላለም ነውና» ተብሎ ቢነበብ የዐግ ቁጥር ይስተካከላል።

ግን ይህንንም በድምፅ አስነብቡት። በ26ቱም ቁጥር፣ ተቀባዩ እየተቀበለ። ሐረጉ ይረዝማል፣ የ«ምሕረቱ» ምት ይሰበራል፣ ቁጥር 25 ላይ ለሥጋ ለባሽ ሁሉ ምግብ ሲሰጥም ኪዳኑ ጠበብ ይላል። ቡድኖቹ ይህን ከሰሙ በኋላ ጥገናቸውን ያጽኑ ወይም ይተዉ፤ ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ገጹ ግርጌ ላይ ጽፈው ያስረክቡ። መዝገበ ቃላቶቹን አሁን አውጡላቸው። መሐረንና ተሣሀለን ይፈልጉ፣ ከራሳቸው ገለጻ ጋር ያስተያዩ፣ የተለየውን በሌላ ቀለም ያስምሩበት።